«እቀርባለሁ፤ ቀኑ ግን ይዛወርልኝ»፦ ለቃለ መጠይቅ ጥሪ የሚሰጥ መልስ

(ደብረ ብርሃን ለተሰበሰቡ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ! ከመንዝም፣ ከይፋትም፣ ከመርሐቤቴም፣ እዚሁ ከከተማውም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተ ከበሩ ጋ ያላችሁ ልጆች ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ብርዱን ከውጭ እየጠበቃችሁልን ነው። ኋላ የምታነብቡት የደብዳቤ ናሙናም ስላለ ብትቀርቡ ይሻላል።

የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። ስለ ሲቪ አላወራም፤ ፈታኝ ፊት እንዴት እንደሚቀመጡም አላወራም። አመልክታችኋል፣ ተመርጣችኋል፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታችኋል፣ የተባለው ቀን ግን አልሆነላችሁም። ሥራውን ትፈልጉታላችሁ፤ ቀኑ ነው ያልተመቻችሁ። ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ይህቺን ብቻ እናያለን። በሦስት ነገር ላይ እቆያለሁ፦ መጀመሪያ ጥያቄው ጠሪው ቢሮ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው፣ ቀጥሎ ደብዳቤው ራሱ፣ በመጨረሻም የቀንና የሰዓት አጻጻፍ። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ሰው የሚጠፋባት ግን እሷው ናት።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። ቀን ይለወጥልኝ ስትሉ የምትጠይቁት ማንን ነው? የደወለችላችሁን ጸሐፊ ነው? አይደለም። ከእሷ በስተጀርባ ፈታኝ ኮሚቴ አለ። ሦስት ወይም አምስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ ለዚያ ቀን ብለው ቀጠሮ የሰረዙ። ኮሚቴው ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያዘጋጃል፣ እያንዳንዱ ፈታኝ በቅጹ ላይ ነጥብ ይሞላል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይፈረማል። ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ በኋላ አንድ ሰው ለብቻው ልፈተን ቢል የተዘጋ ፋይል ክፈቱልኝ ማለቱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የቀረው ተወዳዳሪ «ለእሱ ለምን ተለየ?» ብሎ ቅሬታ ሊያቀርብ ይችላል። እምቢ የሚሏችሁ ጠልተዋችሁ አይደለም፤ ቅሬታውን ፈርተው ነው።

ይህን ካወቃችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ለኮሚቴው ከሁሉ የሚቀለው በዚያው ቀን ሰዓት መለዋወጥ ነው። ጠዋት የተጠራ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢገባ የሚነካው ነገር የለም፤ ተራ መቀያየር ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚቀለው ፈተናው ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ ከሆነ ከቀኖቹ ወደ አንዱ መዛወር ነው። ኮሚቴው እዚያው ተቀምጧል፣ ቅጹም እጁ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ፈተናው ካለቀ በኋላ ያለ ቀን ነው፤ ለአንድ ሰው ሲባል ኮሚቴው እንደገና መሰብሰብ አለበት።

«ታዲያ ቀደም ብዬ ልፈተን ብልስ?» የሚል ይኖራል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። ጥያቄዎቹ የሚወጡት በዋዜማው ወይም በዕለቱ ማለዳ ስለሆነ ቀድሞ የሚፈትናችሁ ወረቀት ገና አልተዘጋጀም። ቢዘጋጅም ቀድሞ የወጣ ሰው ጥያቄውን ለሌሎቹ ይነግራል ተብሎ ይፈራል።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉ። ደውላችሁ «ይዛወርልኝ» አይደለም የምትሉት። አንዲት ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፦ «ፈተናው ስንት ቀን ይፈጃል?» መልሷ የምትጠይቁትን ቀን ትመርጥላችኋለች። የጽሑፍ ወይም የተግባር ፈተና አብሮ መኖሩንም በዚያው ጠይቁ። ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚቀመጡበት የጽሑፍ ፈተና ለአንድ ሰው አይዛወርም፤ ያን ጊዜ የቃሉ ብቻ እንዲዛወርላችሁ ትጠይቁ እንደሆነ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አትጠይቁ።

የምትደውሉበትን ሰዓትም ልብ በሉ። የመንግሥት ቢሮ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው፤ ዓርብ ግን ጠዋቱ 5፡30 ላይ ያበቃል። ዓርብ 6 ሰዓት ላይ ደውሎ ስልክ አያነሱም ብሎ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። ጥሪው በደረሳችሁ ቀን ደውሉ፤ ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ጠዋት። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ፈተናው ነገ ሊሆን ሲል የሚመጣ ጥያቄ፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ሰበብ ይመስላል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። መሐል ሜዳ ላይ በንብረት ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ እናስብ። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ለግምጃ ቤት ኃላፊነት አመልክታለች። ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጥሪ ደረሳት፦ ማክሰኞ ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት። ችግሯ ምንድን ነው? ከሰኞ ኅዳር 15 እስከ ረቡዕ 17 አሁን በምትሠራበት ቦታ ቆጠራ አለ። ኦዲተር ይመጣል፣ በእጇ ያለው ንብረት ይቆጠራል፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። የግምጃ ቤት ሰው በቆጠራ ቀን ከጠፋ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ እኔ አልናገረውም።

ይቺ ልጅ በችኮላ ብትጽፍ እንዲህ ነው የምትጽፈው፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ይቅርታ ማክሰኞ ስለማልችል ሌላ ቀን ይቀየርልኝ፣ በጣም አስቸኳይ ጉዳይ አጋጥሞኝ ነው፣ እባካችሁ ተባበሩኝ።»

ምን ጎደለው? ትሕትናው አልጎደለም። እስቲ እንደ ጸሐፊዋ ሆናችሁ አንብቡት። ስሙ የለም፣ የሥራ መደቡ የለም፤ በዚያ ሳምንት ለአራት መደብ ሰው ጠርታ ሊሆን ይችላል። «አልችልም» የሚለው ቀድሞ መጥቷል፤ «እፈልጋለሁ» የሚለው ጭራሽ የለም። ዝርዝሩን እያጣራች ያለች ሰው «አትቀርብም» ብላ በስሟ አጠገብ ትጽፋለች፣ አለቀ። «ሌላ ቀን» የሚለውም ሥራውን ለጸሐፊዋ ማሸከም ነው። የትኛው ቀን? እሷ ቀን ልትመርጥላችሁ፣ እናንተ ደግሞ እሱም አይሆንልኝም ልትሉ? «አስቸኳይ ጉዳይ» የሚለውስ ምን ይነግራታል? ምንም።

አሁን ልጅቷ ረቡዕ ከሰዓት ደውላለች እንበል። ፈተናው ከማክሰኞ 16 እስከ ሐሙስ 18 ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ተነግሯታል። ጎበዝ፣ መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ! ሐሙስ ኮሚቴው ገና ተቀምጧል። ግን ረቡዕ ቆጠራው የሚያልቀው ማምሻውን ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥታ፣ በጣርማ በር በኩል ዞራ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡00 ሰዓት እዚህ ልደርስ ብትል መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ ብቻውን ያዘገያታል። ስለዚህ የሐሙሱን ጠዋት ትታ ከሰዓቱን፣ 8፡00 ሰዓትን ትጠይቅ። ለሁለተኛ ምርጫ ዓርብ ጠዋትን ትያዝ፤ እሱ ከፈተናው ቀኖች ውጭ ስለሆነ ሁለተኛ ይሁን እንጂ አንደኛ አይሁን። ደብዳቤዋ እንዲህ ይሆናል፦

«ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለፋብሪካው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የቃለ መጠይቅ ጥሪ መቀበሌንና የቀን ለውጥ መጠየቄን ይመለከታል

ለግምጃ ቤት ኃላፊ የሥራ መደብ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ እንድቀርብ የላካችሁልኝ ጥሪ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በፈተናው ቀርቤ መወዳደር እፈልጋለሁ።

ሆኖም ከሰኞ ኅዳር 15 እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን በምሠራበት ቦታ በኃላፊነቴ ሥር ያለ ንብረት ስለሚቆጠር ማክሰኞ መገኘት አልችልም። ስለዚህ ፈተናዬ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡00 ሰዓት፣ ይህ የማይመች ከሆነ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት እንዲሆንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ውሳኔያችሁን ለመስማት ዓርብ ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት እደውላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር»

አካሄዱን ተመልከቱልኝ። ከ«ጉዳዩ» ጀምሮ «መቀበሌን» የሚለው ቀድሟል። ብዙ ሰው «የቀን ለውጥ ስለመጠየቅ» ብቻ ይጽፋል፤ ፋይል የሚመራ ኃላፊ ደግሞ አንዳንዴ ከጉዳዩ በታች አያነብም። የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ «ሆኖም» የለም። መቀበሉ በራሱ አንቀጽ፣ በራሱ አራት ነጥብ ይዘጋል፤ ጥያቄው በሌላ አንቀጽ ይከፈታል። ሁለቱን በ«ግን» አስራችሁ ባንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፏቸው አንባቢው የሚያስታውሰው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ምክንያቱ አንድ ሐረግ ነው። የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራችም፤ አለቃዋ ሌላ ቦታ ማመልከቷን ገና አያውቅም ይሆናል፣ ከተማውም ትንሽ ነው። ይልቅስ ያንን ምክንያት ማን እያነበበው እንደሆነ አስቡ። የግምጃ ቤት ሰው የሚቀጥር ፋብሪካ «ቆጠራ ላይ ንብረቴን ጥዬ አልሄድም» የሚል ተወዳዳሪ ቢያገኝ ይከፋዋል? እውነተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ራሱ ምስክር ሆነላት።

ስለ ምክንያት ከተነሣ አንድ ነገር ልበል፤ ከርእሴ ትንሽ ወጣ ይላል። እባካችሁ ሰው አትግደሉ! ምክንያት ሲቸግረው «አክስቴ አርፋ ለቅሶ ላይ ነኝ» የሚል አለ። በሰሜን ሸዋ? አክስትህ የሚባሉት ሰው የሰው ሀብት ኃላፊው እድር ውስጥ ቢሆኑስ? ድንኳን ሊጥል ተነሥቶ ቢመጣስ? እውነት ለቅሶ ከሆነ ጻፉት፣ ሁሉም ያዝናል፣ ቀኑም ይዛወራል። ካልሆነ ደግሞ ውሸቱ ከሥራው በፊት ሰፈር ይደርሳል። የግል ጉዳይ ከሆነና መናገር ካልፈለጋችሁ «ሊዛወር የማይችል የቤተሰብ ጉዳይ» በቂ ነው። ሕመም ከሆነም «የሕክምና ቀጠሮ» ይበቃል፤ በሽታውን መተንተን አያስፈልግም።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። «እደውላለሁ» የሚለው ለምን ገባ? «መልሳችሁን በስልክ ብታሳውቁኝ» ብላችሁ ከተዋችሁት ዝምታ ሲመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጣላችሁ። ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ እደውላለሁ ካላችሁ መደወላችሁ ንዝነዛ አይሆንም፤ የተናገራችሁትን መፈጸም ነው። ከዓርቡ ስልክ በኋላም እስከ ማክሰኞ ጊዜ ይተርፋችኋል። ያ ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቢሮው ክፍት ቢሆንም ኃላፊው ከቅዳሴ ሳይመለስ 2፡30 ላይ ብትደውሉ አታገኙት ይሆናል፤ አራት ሰዓት የተባለው ለዚህም ነው።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እምቢ ቢሉስ? ይህን ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ወስኑት፤ መዝጊያው በዚህ ይለያያልና። ቀኑ የማይመች ቢሆንም ግድ ከሆነ መቅረብ የምትችሉ ከሆነ ከመዝጊያው በፊት ይህን ጨምሩ፦ «ይህ የማይቻል ከሆነ በተያዘልኝ ቀንና ሰዓት እቀርባለሁ።» ይቺ ዓረፍተ ነገር ጸሐፊዋን ታሳርፋታለች፤ በምንም መንገድ ተወዳዳሪ አይጎድልባትም። ነገር ግን እውነት ካልሆነ አትጻፏት! የመሐል ሜዳዋ ልጅ አልጻፈቻትም፤ ማክሰኞ በፍጹም አትችልማ። ጽፋት ቢሆን ኖሮ ኃላፊው «እንግዲያው በቀኗ ትምጣ» ብሎ ባንዲት መስመር ይዘጋው ነበር፣ እሷም ሳትቀርብ ትቀርና ቃሏን ያጠፈች ትባል ነበር።

ዝም ካሉስ? ዝምታ እሺታ አይደለም። ይህን ደግሜ ልበለው፦ ዝምታ እሺታ አይደለም! «ተዛውሯል» የሚል ቃል ካልሰማችሁ የመጀመሪያው ቀን እንደጸና ነው። ማስታወቂያው ላይ «በተባለው ቀንና ሰዓት ያልቀረበ ራሱን እንዳገለለ ይቆጠራል» የሚል ካለማ ጨርሶ አትጠራጠሩ። በስልክ «እሺ፣ ችግር የለም» ቢሏችሁም ያናገራችሁን ሰው ስም ጠይቁና እዚያው በዚያው በጽሑፍ አጽኑት፦ «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ሐሙስ ኅዳር 18 ከቀኑ 8፡00 ሰዓት እቀርባለሁ።» እሺ ያላችሁ ሰው በዚያ ሐሙስ መስክ ሊወጣ ይችላል፤ የተተካው ደግሞ ስለ እናንተ የሰማው ነገር አይኖርም። ጽሑፉን ግን ታሳዩታላችሁ።

ጥሪው በኢሜይል ከመጣ አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ፤ በመጣው ላይ «ሪፕላይ ኦል» ብላችሁ መልሱ። ከጥሪው ጋር ስማቸው የተያያዘው ሰዎች የኮሚቴው አባላት ሊሆኑ ይችላሉ፣ የመጀመሪያው ጥሪም ከመልሳችሁ ሥር ይታያል።

በአጭር መልእክት ከመጣ ግን ጠንቀቅ በሉ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ። ከዚያ ካለፈ ይቆራረጣል፣ በአንዳንድ ስልክ ላይም ቁርጥራጩ ተለያይቶ ይደርሳል። «አልችልም» የሚለው ቁራጭ ቀድሞ ቢደርስ አስቡት። ስለዚህ ዋናው በ70 ይለቅ፦ «ጥሪው ደርሶኛል፣ መወዳደር እፈልጋለሁ። ከኅዳር 16 ወደ 18 ወይም 19 ቢዛወርልኝ?» ቆጥሬዋለሁ፣ 53 ነው፤ ለስማችሁ 17 ተርፏል። ሰዓቱና ምክንያቱ በሁለተኛ መልእክት ይከተል።

ወደ መጨረሻው መጣሁ፣ ወደ ቀንና ሰዓት። እዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ኅዳር 16 ሲል፣ የውጭ ሰው የሚያስተዳድረው ፋብሪካ ኖቬምበር 25 ይላል፤ ቀኑ አንድ ነው። አሁን ልጅቷ በቁጥር ብቻ «16/03/18» ብትጽፍ ምን ይሆናል? እኛ ኅዳር 16 ቀን 2018 ብለን እናነባለን። የውጭው ሥራ አስኪያጅ ማርች 16 ቀን 2018 ብሎ ያነባል፤ ያውም ዓመታት ያለፉት ቀን። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉት፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምሩበት። «ሐሙስ ኅዳር 18» ካላችሁ ቁጥሩን ብትሳሳቱ እንኳ ሐሙስ የሚለው ያጋልጣል፤ አንባቢው «ሐሙስ እኮ 17 አይደለም» ብሎ ይደውላል። ጥሪው በአውሮፓ አቆጣጠር ከመጣ በሁለቱም ጻፉ፦ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.።

ሰዓቱ ይብሳል። «9፡00» የሚል ጥሪ ሲመጣ እኛ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት እንላለን፤ ጸሐፊው ያሰበው ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ልዩነት! ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደረሰው ልጅ ኮሚቴው ጠዋት አይቶት ሊያልፍ የነበረ ሰው ነው። ለይቶ የሚያሳውቅ ፍንጭ አለ? አንዳንዴ አለ። ጥሪው ላይ «14፡00» የሚል ቁጥር ካያችሁ የእኛ ሰዓት ከ12 ስለማይዘል የፈረንጁ ነው። «2፡00» ቢል ግን አይለይም፤ በእኛ ጠዋት ነው፣ በእነሱ ከቀትር በኋላ። አለመገመት ነው። ደውላችሁ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» በሉ፣ በመልሳችሁም «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ሳትጽፉ ቁጥር ብቻውን አትተዉ።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። ቀኑ አንዴ ከተዛወረላችሁ ሁለተኛ አትጠይቁ። የመጀመሪያውን ኮሚቴው በቀና ያየዋል፣ ሁለተኛውን አያየውም። ለዚህም ነው ሁለት አማራጭ ስትሰጡ ሁለቱንም ቀኖች ከበዓልም፣ ከሠርግም፣ ከገበያ ቀንም፣ ከመኪና መንገድም አንጻር አይታችሁ፣ በእርግጥ የምትችሏቸውን ብቻ የምትሰጡት። የመጀመሪያውን ምርጫችሁን ይሰጡኛል ብላችሁ ሁለተኛውን ለማሟያ አትጻፉ፤ የሚሰጧችሁ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አሁን ስልካችሁን አውጡ። ጥሪው ይህ ነው፦ «ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018፣ 3፡00 ሰዓት፣ ለሒሳብ ሠራተኛ።» በዚያ ቀን ጠዋት የማይዛወር የሕክምና ቀጠሮ አላችሁ፤ ከቀትር በኋላ ነጻ ናችሁ፤ ፈተናው የሚካሄደው በዚያው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አልተጻፈም፣ ልብ በሉ። በ70 ፊደል ጻፉና ለአጠገባችሁ ሰው አሳዩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዳንዱን ጮክ ብለን እናነባለን፤ በሉ ጀምሩ።